ማስታወሻው አንድ ይሁን

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ልማድ መከታተያ አፖች ስለሚያዥጎደጉዱት ማስታወሻ ላውራ። አብዛኞቻችን አፑን በጫንንበት ቀን አምስት ስድስት ልማድ መዝግበን ለሁሉም ማስታወሻ እንሞላለን። ብዙም ሳይቆይ ጣታችን ሳናነበው ጠርጎ ማጥፋት ይለምዳል። ብዛቱ አንድ ነገር ነው፤ የባሰው ግን ማስታወሻው ምንም ማድረግ በማንችልበት ሰዓት መምጣቱ ይመስለኛል። መንገድ ላይ ላለ ሰው "አጥና" ቢባል ምን ያደርጋል?

ሉፕ ሃቢት ትራከርን ልውሰድ። የአንድሮይድ አፕ ነው፤ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ማታ ማጥናትና በሳምንት ሦስት ቀን ስፖርት መሥራት የሚፈልግ ሰው አለ እንበል። ለጥናቱ ማስታወሻ ይሙላ፤ እራት አብዛኛውን ጊዜ 2 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ከሆነ 2 ሰዓት ከ10 ላይ ያድርገው፣ ስልኩ 8:10 PM ብሎ የሚያሳየው ማለት ነው። ጥያቄውንም "ዛሬ አጠናህ?" ከማለት "መጽሐፉን ገልጠህ 20 ደቂቃ ተቀመጥክ?" ብሎ ይጻፈው፤ መልሱ አያከራክርም።

ለስፖርቱ ማስታወሻ አያስፈልግም። ዊጅቱን የስልኩ ዋና ገጽ ላይ ማውጣት ይበቃል፦ ባዶ ቦታውን ጫን አድርጎ ይዞ፣ ከዊጅቶቹ ውስጥ የሉፕን መርጦ፣ ልማዱን መጠቆም። ስልኩን በከፈተ ቁጥር ያየዋል፤ ሠርቶ ሲጨርስ አፑን ሳይከፍት ይነካዋል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው `Frequency` የሚለው ላይ ነው። "በየቀኑ" ተብሎ ከተቀመጠ፣ ያረፈባቸው ቀናት ሁሉ እንደ መቅረት ይቆጠራሉ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ተብሎ መሞላት አለበት። ሉፕ ተከታታይ ቀናትን ብቻ ሳይሆን የልማዱን ጥንካሬም በመቶኛ ያሰላል፤ አንድ ቀን ቢዘለል ትንሽ ይወርዳል እንጂ ዜሮ አይገባም። እኔ የተከታታይ ቀን ቁጥር ብቻ ከሚያሳዩ አፖች ይሄን የምመርጠው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ሲሰበር አፑን እስከነጭራሹ የሚያጠፋው ብዙ ነው።

ሌላ አፕ የምትጠቀሙ ከሆነና "ቅናሽ አለ"፣ "ናፍቀኸናል" እያለ ካስቸገራችሁ ሁሉንም አትዝጉ። አንድሮይድ ላይ የመጣውን ማስታወሻ ጫን አድርጋችሁ ያዙት፣ ወደ ቅንብሩ ግቡ። አፑ ማስታወሻዎቹን በዓይነት ከፋፍሎ ከሆነ የልማዱን ትታችሁ ሌላውን ማጥፋት ትችላላችሁ። ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅልሎ የሚልክ ከሆነ ግን፣ በእኔ እምነት አፑን መቀየር ይሻላል።

ተቃራኒው ችግርም አለ፤ ያ አንዱ ማስታወሻ ዘግይቶ ይመጣል፣ ወይም አፑን ስትከፍቱ ብቻ ብቅ ይላል። ይሄ ብዙውን ጊዜ የባትሪ ቁጠባው ሥራ ነው። በስልኩ ቅንብር ውስጥ የአፑን የባትሪ አጠቃቀም `Unrestricted` አድርጉት።

የጥናቱም ማስታወሻ ቢሆን ለዘላለም አይደለም። ከ8:10 PM በፊት ምልክቱ ተደርጎ የሚገኝባቸው ቀናት ሲበዙ ቀስቃሹ እራቱ ሆኗል ማለት ነው፤ ያኔ `Reminder` የሚለውን አጥፍታችሁ እንደ ስፖርቱ ዊጅት ብቻ አውጡለት። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት መቶኛው መውረድ ከጀመረ መልሳችሁ አብሩት።