ቁልቁለት ላይ ጎማ ሲቀየር፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

አድማጭ ከኮምቦልቻ፦ «ከደሴ ስወርድ የፒክአፔ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። የእጅ ፍሬን ይዣለሁ፣ ማርሽም አስገብቻለሁ። ጎማው ከመሬት ሲለቅ ግን መኪናው ወደፊት ሄዶ ክሪኩን ጣለው። ለምን?»

ፒክአፕ በአብዛኛው የሚነዳው በኋላ ጎማ ስለሆነ ማርሽም የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነው። አንዱን የኋላ ጎማ ሲያነሱት ዲፈረንሻሉ ሁለቱን ጎማዎች ይለያያቸዋል፤ አየር ላይ ያለው ወደኋላ ሲሽከረከር መሬት ላይ ያለው ወደፊት ይንከባለላል፣ ሞተሩም አይገታውም። የእጅ ፍሬኑም ቢሆን የሚይዘው ኋላውን ስለሆነ ቁልቁለቱን የሚሸከም አንድ ጎማ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ገመዱ ላልቶ ወይም ሸራው አልቆ ከሆነ ደግሞ እሱም አይችለውም። የፊት ጎማዎችን የያዘ ምንም ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ክሪኩን ከማውጣትዎ በፊት ለሁለቱም የፊት ጎማዎች ድንጋይ ያስደግፉ፤ አፍንጫው ወደታች ስለሆነ ከጎማው ፊት ለፊት ነው የሚገባው። ክብ ድንጋይ አብሮ ስለሚንከባለል ጠፍጣፋ ጎን ያለውን መርጠው በእግርዎ መትተው ያስጠጉት። እውነቱን ለመናገር ግን ያ ቁልቁለት ላይ ክሪክ ባይገባ ይሻላል። አራቱንም ፍሬቻ አብርተው፣ ኩርባውን አልፈው፣ ሜዳ እስኪያገኙ በቀስታ ይንዱ። ጎማው ሊበላሽ ይችላል፤ ይበላሽ።

አድማጭ ከወልድያ፦ «ብሎኑን ሁልጊዜ መኪናው ከተነሳ በኋላ ነው የምፈታው፤ ችግር አለው? ኮሮላ ነው የምነዳው፤ ክሪኩስ በትክክል የት ነው የሚገባው?»

አለው እንጂ። የጠበቀ ብሎን በእግር ካልተረገጠ አይላቀቅም፤ ያ ሁሉ ጉልበት አየር ላይ ባለ ጎማ ላይ ሲያርፍ ወይ ጎማው አብሮ ይዞራል፣ ወይ መኪናው ክሪኩ ላይ ይወዛወዛል። ጎማው መሬት እንደያዘ እያንዳንዱን ወደ ግራ ግማሽ ዙር ብቻ ያላሉ፤ ጨርሰው የሚፈቱት ከተነሳ በኋላ ነው።

ለክሪኩ፣ ከበሩ ስር ያለውን የቆርቆሮ ጠርዝ በጣትዎ ይዳብሱት። ከፊት ጎማው ትንሽ ወደኋላ፣ ከኋላ ጎማው ደግሞ ትንሽ ወደፊት ሁለት ሁለት ትናንሽ ቆረጥ ያሉ ምልክቶች አሉ። የክሪኩ ራስ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ያርፋል። መሃል በሩ ስር ካስገቡት ቆርቆሮው ይታጠፋል።

በክረምት የመንገዱ ዳር ዋልካ ከሆነ የክሪኩ እግር በአንድ ጎኑ ይሰምጣል። 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 4 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ጣውላ ከስሩ ያድርጉ። ሲያነሱ ክሪኩ ቀጥ ማለቱን እያዩ ይሁን፤ ማዘንበል ከጀመረ በእጅ አያቅኑት፣ አውርደው እንደገና ይትከሉት። መለዋወጫውን ጎማ እስኪገጥሙት ድረስ ከመኪናው ስር አግድም ያስተኙት፤ ክሪኩ ቢወድቅ መኪናው እሱ ላይ ያርፋል። አሮጌው ሲወጣ ይተካው።

አዲሱን ሲያስሩ በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ነው፤ አለበለዚያ ቸርኬው ጠሞ ይቀመጣል። የመጨረሻው ማጥበቅ መኪናው ከወረደ በኋላ ነው፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄዱ በኋላም አንዴ ይሞክሩት።