ስሙ ከመስመሩ ጎን ይቀመጥ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራው ስለ ቻርት ነው። አዳራሹ ውስጥ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውም ሊያነበው ስለሚችል ቻርት።

ለእኔ ዋናው እንቅፋት ሌጀንዱ ነው፤ ከታች የቀለም ምልክትና ስም የሚደረደርበት ማለቴ ነው። የአንድ ሱቅ አራት ቅርንጫፎችን የወር ሽያጭ አስቡ። ቦሌ፣ ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ሳሪስ። አራት መስመሮች፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ። ተመልካቹ መስመሩን ያያል፣ ቀለሙን ይይዛል፣ ወደ ታች ወርዶ ስሙን ይፈልጋል፣ ተመልሶ ይወጣል። ክፍሉ ብርሃን ከሆነ ደግሞ ፕሮጀክተሩ ቀለሙን ያደበዝዘዋል፤ ብርቱካናማውና ቢጫው ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። የቱ ፒያሳ፣ የቱ ሳሪስ እንደሆነ ሳይለይ ተናጋሪው ወደ ሌላ ስላይድ ያልፋል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ሰውየው እኮ ሊሰማ ነው የመጣው።

ስለዚህ ስሙን መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ላይ አደርገዋለሁ። ፓወር ፖይንት ላይ መጀመሪያ ሌጀንዱን አጠፋለሁ። መስመሩን አንዴ ክሊክ ሳደርግ ሙሉው ይመረጣል። የነሐሴን ነጥብ ደግሜ ስነካ እሷ ብቻ ትመረጣለች። ይቺ ሁለተኛ ክሊክ ከቀረች ጽሑፉ አስራ ሁለቱም ወር ላይ ይደረደራል። ከዚያ በቀኝ ክሊክ Add Data Label እላለሁ። Format Data Label በሚለው ማስተካከያ ውስጥ Value የሚለውን አጥፍቼ Series Name የሚለውን እመርጣለሁ፤ ቦታውን Right አደርጋለሁ። ስሙ እንዳይቆረጥ የቻርቱን ውስጠኛ ክፍል ከቀኝ በኩል ጠበብ አደርገዋለሁ። የጽሑፉ ቀለም ከመስመሩ ጋር አንድ ይሁን። ነጭ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ስለማይነበብ ለመስመሩም ጠቆር ያለ ቀለም እመርጣለሁ።

በቴክስት ቦክስ መጻፍ ይቀላል፣ ግን ቁጥሩ ሲቀየር መስመሩ ይሄዳል፣ ስሙ እዚያው ይቀራል። ሌብሉ ግን ነጥቡን ይከተላል። አዲስ ወር ሲጨመር ብቻ ነሐሴ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ማዛወር አለባችሁ። ቦሌና መርካቶ ተቀራርበው ካለቁ ስሞቹ ይደራረባሉ፤ አንዱን በማውስ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይበቃል። መስመሮቹ አስር ከሆኑ ግን ይሄ መንገድ አይሰራም። ያኔ የምታወሩባቸውን ሁለቱን ብቻ ቀለም ቀብታችሁ ስም ስጡ፣ ሌላውን ግራጫ አድርጉት።

የፊደሉን መጠን ከ24 አላወርድም። አማርኛ ሲሆን ደግሞ የበለጠ እጠነቀቃለሁ። «ሙ»ን ከ«ሚ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ከሩቅ ትጠፋለች። ኒያላ ቀጭን ስለሆነ ወፈር ያለ ፎንት ይሻላል።

መሞከሪያውም ቀላል ነው። አዳራሹ 12 ሜትር፣ የስክሪኑ ቁመት 2 ሜትር ቢሆን፣ የኋላው ሰው በስክሪኑ ቁመት ስድስት እጥፍ ርቀት ላይ ነው። የላፕቶፔ ስክሪን ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስላይዱን ሙሉ ስክሪን ላይ ከፍቼ 1.2 ሜትር ወደ ኋላ እቆምና «ሳሪስ» የሚለውን ሳላፈጥ ማንበቤን አያለሁ። ካቃተኝ ፊደሉን አሳድገዋለሁ።