«ትንሽ ማስተካከያ» ስንት ጊዜ ነው?

(ምስል፦ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለች ጠባብ የመጻሕፍት መደብር። ባለቤቷ ስልኳ ላይ ትጽፋለች።)

ሰላም። ዛሬ ዌብሳይት ስናሠራ በውሉ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት እናያለን። ይህች ባለ መደብር ለምሳሌ ያህል የፈጠርናት ናት። ለአንድ ፍሪላንስ ዴቨሎፐር እንዲህ ብላ ልትልክ ነው፦ «መጽሐፍ የሚሸጥ ዌብሳይት እፈልጋለሁ። ዋጋ 120,000 ብር። በሁለት ወር ይለቅ።»

ቆይ፣ እንዳትልኪው! የ400 መጽሐፍ ሽፋን ፎቶ የሚያነሳው ማነው? የቴሌብር የነጋዴ አካውንት የሚያወጣው ማነው? ሁለቱም የእሷ ሥራ ከሆኑ ይጻፍ። እሷ ስትዘገይ የእሱ ቀን እንደሚራዘምም አብሮ ይጻፍ።

ከዚያ የምትረከበው ይዘርዘር፦ ፍለጋ ያለው የመጽሐፍ ዝርዝር፣ ማዘዣ ገጽ፣ በቴሌብር መክፈያ፣ አዲስ መጽሐፍ የምታስገባበት ገጽ። ኮዱ ጊትሀብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ላይ፣ በእሷ አካውንት ይቀመጥ። ዶሜኑም በእሷ ስም ይመዝገብ። በዴቨሎፐሩ ስም ከሆነ፣ የተጣሉ ቀን አድራሻዋ እሱ እጅ ይቀራል።

(ስክሪን ላይ፦ ቀብድ 36,000። ዲዛይን ሲጸድቅ 24,000። ሙከራ ላይ ሲሠራ 36,000። ርክክብ 24,000።)

ክፍያው በዓይን ከሚታይ ነገር ጋር ይታሰር። «ግማሹ ሲያልቅ» የሚባል ነገር አያስማማም። «ደንበኛ በሙከራው አድራሻ ላይ መጽሐፍ መርጦ ማዘዝ ሲችል» ብትዪ ግን ሁለታችሁም ከፍታችሁ ታያላችሁ። ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚገባም ይጻፍ፤ ለምሳሌ በ5 የሥራ ቀን።

አሁን ወደ ማስተካከያው። እኔ ዴቨሎፐር ነኝ፤ እዚህ ላይ ተቃጥያለሁ። ውላችን «ሁለት ማስተካከያ» ይላል። ደንበኛዬ ጠዋት በቴሌግራም ድምፅ ይልካል፣ ማታ ወንድሙ ሌላ ይልካል። ዙሩ የቱ ጋ እንዳለቀ ማናችንም አናውቅም ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሄደ።

ስለዚህ ዙር ምን እንደሆነ ይተርጎም፦ አንድ ሰው ሁሉንም አስተያየት በአንድ ጽሑፍ ሰብስቦ አንዴ ይልካል። ያ አንድ ዙር ነው። ለዲዛይኑ ሁለት፣ ለሚሠራው ሳይት ሁለት። በ5 የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ እንደጸደቀ ይቆጠራል።

ስህተት ግን ከዙር አይቆጠርም። ማዘዣው ተጭኖ ትዕዛዙ ካልደረሳት፣ ቃል የተገባው አልሠራም ማለት ነው። ከርክክብ በኋላም ለ30 ቀን በነጻ ይስተካከል። የአዝራሩ ቀለም ይቀየር ካለች ማስተካከያ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያልነበረ ነገር ደግሞ አዲስ ሥራ ነው።

(ምስል፦ የሙከራው ሳይት። ባለቤቷ ትደውላለች።)

«ወንድሜ፣ እንግሊዝኛም ብንጨምርበትስ?»

ዴቨሎፐሩ ዝርዝሩን ይከፍታል። እንግሊዝኛ የለም። እንዲህ ብሎ ይጽፍላታል፦ «እንግሊዝኛ መጨመር 15,000 ብር፣ አንድ ሳምንት። ከተስማሙ በጽሑፍ ያሳውቁኝ፤ ከዚያ እጀምራለሁ።»

አስባ ትመልሳለች፦ «እሺ፣ መጀመሪያ ይሄኛው ይለቅ።»