ሰባት ስላይድ ለአንድ ዳቦ ቤት

እንደምን አላችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ባለፈው ጥር ደሴ ፒያሳ ላይ ለሚገኝ አንድ አነስተኛ ዳቦ ቤት ስለጻፍኩት ሰባት ስላይድ ነው። ዳቦ ቤቱ ኮምቦልቻ ላይ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነበር። ባለቤቷ የፈለጉትም ካሩሰል የሚባለውን፣ በጣት እየገፉ የሚያዩትን ተከታታይ ምስል ነው፤ ቅርንጫፉ መከፈቱን እንዲናገርና በመክፈቻው ቀን ለገዢ የሚሰጠውን እንዲያስታውቅ።

ሥራውን የጀመርኩት ከአምስተኛው ስላይድ ነው፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት ለሌላ ዳቦ ቤት መክፈቻ «አንድ ለሚገዛ አንድ በነጻ» ብዬ ጽፌ ነበር። ለስንት ሰው፣ ለየትኛው ዳቦ፣ እስከ ስንት ሰዓት የሚል ቃል አልጨመርኩበትም። ሰው ማለዳ ተሰልፎ አንዳንዱ ሃያ ሃያ ዳቦ ጠየቀ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳይሞላም መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ስልካቸውን ከፍተው ማስታወቂያውን ለሻጯ የሚያሳዩ እናቶች ነበሩ፤ እሷም የምትመልሰው አጥታ ታቀረቅር ነበር። ያን ቀን እዚያው ቆሜ ስለነበር አልረሳውም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የጻፍኩት ቃል ምድጃው የማይችለውን ቃል ስለገባ ነው።

ስለዚህ በዚህኛው ሥራ አስቀድሜ የጠየቅኋቸው ስለ ምድጃው ነው። «እትዬ፣ አዲሱ ምድጃ በአንድ ዙር ስንት ዳቦ ይይዛል?» አልኋቸው። «መቶ ሃያ፤ አስገብተን እስክናወጣ ደግሞ አርባ ደቂቃ ይፈጃል» አሉኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ አራት ሰዓት ነው፤ በዚያ ውስጥ ስድስት ዙር ይወጣል፣ ማለትም 720 ዳቦ። እሳቸው በመጀመሪያ ግማሽ ዋጋ ሊያደርጉት አስበው ነበር። እኔ ግን ገበያችን የሚያውቀውን ቃል አስታወስኳቸው፤ ሰው በርበሬም ሆነ ሽንኩርት ገዝቶ «መርቁልኝ» ይላል እንጂ በመቶኛ አያሰላም። አምስት ለሚገዛ አንድ ብንመርቅ አንድ ሰው ስድስት ዳቦ ይዞ ይሄዳል፤ ለ100 ሰው 600 ዳቦ ይበቃል፤ የቀረው 120 ደግሞ አንድ ሁለት ብቻ ለሚገዛ ሰው ይተርፋል። አምስተኛው ስላይድ እንዲህ ሆነ፦

«በመክፈቻው ቀን 5 ዳቦ ለሚገዛ 1 ዳቦ ምርቃት።»

ስድስተኛው ስላይድ ወሰኑን ይናገራል። ብዙ ሰው ይህን በትናንሽ ፊደል ከታች ይሸጉጠዋል፤ እኔ ግን በዚያው በትልቁ ፊደል ራሱን ችሎ እንዲቆም አድርጌዋለሁ፦

«ለመጀመሪያዎቹ 100 ደንበኞች፤ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ። ለቁርስ ዳቦ ብቻ። በኮምቦልቻው ቤት ብቻ።»

እያንዳንዱ ሐረግ ሻጯ ባንኮኒው ጋ ለምትሰማው አንድ ጥያቄ መልስ ነው። «አሥር ብገዛ ሁለት ትመርቂኛለሽ?»፣ «ድፎውን ብወስድስ?»፣ «ደሴ ብገዛስ?» የሚሉ ጥያቄዎች መምጣታቸው አይቀርም። ጽሑፉን ለሻጯ ሰጥቼ እነዚህኑ ጥያቄዎች እንደ ገዢ ሆኜ ጠየቅኋት፤ የዳቦ ቤቱን ባለቤት ሳታማክር ከስላይዱ ብቻ መመለስ ስትችል ጽሑፉ አለቀ ማለት ነው። መቶኛው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ማስታወቂያ ሊያውቅ ስለማይችል ከ1 እስከ 100 ቁጥር የተጻፈባቸው ካርዶች አዘጋጅተን ለተሰለፈው ሰው ገና በሩ ላይ አደልን፤ ካርድ ያልደረሰው ሰው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ከመጠበቁ በፊት እንዲያውቅ ነው።

አራተኛው ስላይድ ብዙ አስቸግሮኛል። ባለቤቷ «ያው የደሴው ጣዕም» እንዲባልላቸው ፈልገው ነበር። ኮምቦልቻ ግን ከደሴ ቁልቁል ወርዳ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት፤ ቡኮው እዚያ ቶሎ ኩፍ ይላል። ደሴ በለመዱት የእርሾ መጠንና የማቆያ ጊዜ ከሠሩት ከሚገባው በላይ ያቦካል፤ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ይረግባል፣ ጣዕሙም ወደ መኮምጠጥ ያደላል። ስለዚህ ሙከራ ሳይጋገር ያን ቃል እንደማልጽፍ ነገርኳቸው። ጋጋሪው ሁለት ቀን ሞከረ። የመጀመሪያው ቀን ዳቦ ከላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ወጣ፤ በሁለተኛው ቀን እርሾውን ቀንሶ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠቀም ግን እንደ ደሴው ጉብ ብሎ ወጣ፣ ቆርሰን ስንቀምሰውም ልዩነት አላገኘንበትም። ያን ጊዜ «ድፎ ዳቦ፣ አምባሻ፣ የቁርስ ዳቦ። እዚሁ ኮምቦልቻ ይጋገራል፤ ጣዕሙ የደሴው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ምስሉም የዚያኑ ቀን ዳቦ ነው፤ የተቆረሰ፣ ውስጡ የሚታይ።

የቀሩት ቀላል ነበሩ። የመጀመሪያው ስላይድ «ቅዳሜ ኮምቦልቻ ላይ እንከፍታለን» ከሚለውና ከቤቱ ስም በቀር ምንም የለበትም፤ ገጹን በፍጥነት እያሳለፈ ያለ ሰው ጣቱን የሚገታው ከተማውን ሲያይ ነውና። ሁለተኛው ቤቱ ደሴ ላይ ስድስት ዓመት እንደጋገረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሦስተኛው የቦታው ነው። ሰው በመንገድ ስም ሳይሆን በሚያውቀው ነገር ስለሚፈልግ «መናኸሪያው አጠገብ፣ ሰማያዊ በር» አልን፤ ፎቶውንም ያነሳሁት ሰው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ እንደሚያየው አድርጌ ነው።

ሰባተኛው ስላይድ እንዲህ ይላል፦ «ቅዳሜ ጥር 17፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ፤ ኮምቦልቻ፣ መናኸሪያው አጠገብ»፤ ከሥሩም ስልክ ቁጥር አለ። ምስሉን ያቀናበረው ልጅ በመጀመሪያ 7:00 ብሎ አስገብቶት ነበር፤ ያን ያነበበ ሰው ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣ ነበር። «ከጠዋቱ» የሚለው ቃል እንዳይቀር አጥብቄ አሳሰብኩት። ቅዳሜን የመረጥነውም ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆኑ የቅቤውና የወተቱ ብስኩት ሳይነካ እንዳይቀር፣ ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ብዙው ደንበኛ ለጁምዓ ስለሚሄድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የዳቦ ቤቱ ደንበኛ ከኢንስታግራም ይልቅ በቴሌግራም ይበዛል፤ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሰባቱ ምስሎች አንድ በአንድ አይገፉም፣ በአንድነት ተደርድረው እንደ ጥልፍ ይታያሉ። ምስሎቹ ሲያንሱ ስድስተኛው ስላይድ ላይ ያለው ወሰን አይነበብም። ስለዚህ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ምርቃቱንና የ100 ሰው ገደቡን ከምስሎቹ ሥር በጽሑፍ ደገምኩት። ጽሑፉን ብቻ ቀድቶ ለዘመድ የሚልክ ሰው ብዙ ነውና ምርቃቱና ገደቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዲሆኑ አደረግሁ፤ አንዱ ከሌላው ተቆርጦ እንዳይሄድ።

ቅዳሜ ዕለት ካርዱ ያለቀው 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ አዛውንት መጥተው «ምርቃቱ አለቀ አሉ?» ብለው ጠየቁ፤ ሻጯም «አዎ አባባ፣ ለመቶ ሰው ነበር» አለቻቸው። «አይቼዋለሁ ልጄ፣ ያረፈድኩት እኔ ነኝ» አሉና ሦስት ዳቦ ገዝተው ሄዱ።