ጥርሱ ተነቀለ፤ ጆሮው ግን አሁንም ያመዋል

እሺ... ዛሬም ወደዚያ ሰውዬ ልመለስ ነው። ባለፈው «ጥርሱን ተነቅሎ ተገላገለ» ብዬ ነበር የጨረስኩት። አልተገላገለም።

ታስታውሱታላችሁ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ግራ ጆሮውን ብቻ ሁለት ወር ያመመው። ታምቡሩ በመብራት ሲታይ ግራጫ ነው፣ የመብራቱም ነጸብራቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ደህና ነው ማለት ነው። ጆሮው ሳብ ሲደረግ፣ ከቀዳዳው ፊት ያለችው ጉብታ ስትጫን ምንም አላለውም። እንግዲህ ቀዳዳውም አልቆሰለም ማለት ነው። የጠብታ ነገር እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት፤ እሱ ግን ሁለት ጠርሙስ ጨርሶ፣ በመሀል ጤና አዳም አስጨምቆበት ነው የመጣው። ኧረ እባካችሁ፣ ጤና አዳም ቆዳ ያቃጥላል፤ ጆሮ ውስጥ አትጭመቁ።

ከዚያ አፉ ታየ። በጥርስ ማያ መስታወቱ እጀታ ጥርሶቹን አንድ በአንድ መታ መታ ሲያደርጓቸው አንዷ የታች መንጋጋ ጥርስ ላይ ሲደርሱ ዘለለ። የታች ጥርስ ነርቭና ከጆሮ ፊት የሚያልፈው ነርቭ የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ስለሆኑ አንጎል ሕመሙ ከየት እንደመጣ ይስታል። ጥርሷም በእውነት በስብሳ ነበር። ነቀሏት።

እኔን እረፍት የነሳኝ ግን ከወንበሩ ሲነሳ ያላት ነገር ናት። «ምራቄን ስውጥ ነው የሚብሰኝ» አለ። «ጥርሱ ነው» ተባለ። ምራቅ እኮ አይታኘክም! የተበላ ጥርስ ሲያኝኩበት፣ ቀዝቃዛ ሲነካው ነው የሚጮኸው። ባዶ ምራቅ ሲዋጥ ጆሮ ላይ የሚወጋ ከሆነ ጉሮሮ፣ ቶንሲል፣ የምላስ ሥር ይታሰባል፤ የእነሱም ነርቭ ወደ ጆሮ ቅርንጫፍ አለው። ግን ደግሞ... የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ሲመግል መዋጥም ያሳምማል። ስለዚህ የነቀለውን ሰው ለመውቀስ ይከብደኛል።

ጥርስ ከተነቀለ በኋላም ጆሮ ለጥቂት ቀን ማመሙ ያለ ነው። በሦስተኛው ቀን ገደማ ቢብስ እንኳ የረጋው ደም ወልቆ አጥንቱ ተራቁቶ ሊሆን ይችላል። «ታገስ» የተባለውም ለዚህ ነው። እሱ ሦስት ሳምንት ታገሰ።

በነገራችን ላይ፣ ጫት ለምትቅሙ፦ ጠዋት ጠዋት ጆሮ ሥር የሚያማችሁ አብዛኛውን ጊዜ የመንጋጋ መገጣጠሚያውና ጡንቻው ነው። አፋችሁን ስትከፍቱ ሦስት ጣታችሁ ተደራርቦ ካልገባ... እሱን ሌላ ቀን እናወራለን። የሰውዬው መገጣጠሚያ ደህና ነበር፤ አንገቱን ሲያዞርም ሕመሙ አይመጣም።

ቆይቶ ነው ጓንት ያደረገ ጣት የምላሱን ሥር የዳሰሰው። በግራ በኩል ጠጠር ያለ ነገር አለ። በዓይን አይታይም ነበር፣ ጣት ነው ያገኘው። ሠላሳ ዓመት አጭሷል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ጆሮውን ከሦስት ሳምንት በላይ አሞት ታምቡሩ ደህና ከሆነ፣ የተበላ ጥርስ ቢገኝም እንኳ በአፍንጫ የሚገባው ቀጭን ካሜራ ጉሮሮውን ሊያይለት ይገባል።

ናሙና ተወስዷል። ትናንት ደውሎ «ጆሮዬን ተወት አድርጎኛል» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ማስታገሻ እየወሰደ መሆኑ ትዝ አለኝ። ምራቅ ሲውጥስ? እሱን ሳልጠይቀው...