በ90 ሰከንድ ውስጥ ስንት እንጀራ ይጋገራል?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ ጉንፋን ነው፣ ቻሉኝ።

በቅርቡ አንድ የተረት ምሽት ላይ ተጋብዤ ነበር። ሕጉ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው 90 ሰከንድ። ሲያልቅ ደወል ይመታል፣ ማይኩን ትመልሳላችሁ። እኔ ደግሞ ወሬ አያልቅብኝም፣ ሳልዘጋጅ ሄድኩ። ደወሉ ሲመታ ገና አያቴ የት እንደተወለዱ እያስረዳሁ ነበር። ሰው በደግነት አጨበጨበልኝ። ያ ጭብጨባ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ልናገር የነበረው የአያቴ ሙት ዓመት ዋዜማ ላይ እንጀራ ሲጋገር መብራት የጠፋበትን ሌሊት ነው። ቤት ገብቼ ቀረጻውን ሰማሁት። አያቴ ማን እንደነበሩ፣ ሰፈራችን የት እንደሆነ፣ እናቴና ጎረቤታችን በምን እንደተጣሉ። ሁሉም እውነት ነው፣ ግን ምንም ነገር እየሆነ አይደለም።

መጀመሪያ ቃል ቆጠርኩ። ሳልቸኩል ሳወራ በ90 ሰከንድ 150 ቃል ገደማ እላለሁ። የእናንተን በስልካችሁ ቀድታችሁ ቁጠሩት፤ ከሌላ ቋንቋ ባገኛችሁት ቁጥር አትመኑ። አማርኛ አንድ ቃል ላይ ብዙ ይጭናል። «አልሰጠቻትም» አንድ ቃል ናት፣ ውስጧ ግን ሁለት ሴቶችና አንድ እምቢታ አሉ። እኔ 135 ቃል ላይ አቆማለሁ። የቀረው ሰው ከሳቀ ለሳቁ፣ ዝም ካለም ለዝምታው ነው።

ከዚያ መነሻውን ቀየርኩ። አሁን የምጀምረው ማድ ቤት ውስጥ፣ ምጣዱ እንደጋለ ነው። አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት። አያቴ ወደ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ወረዱ፤ «ነገ የአያቴ ሙት ዓመት ነው»። ይቅር ይበሉኝ። ሀገር ቤት ላደገ ሰው ይህቺ ትበቃለች፣ ድንኳኑም ድስቱም ይታየዋል። አሜሪካ ላደገችው የእህቴ ልጅ ስነግራት ግን ምንም አልታያትም። ስለዚህ «80 ሰው ይመጣል» የሚል ጨመርኩ። እሱም መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት መምጣት አለበት። ጨለማው ከገባ በኋላ ስለ እንግዳ ማስረዳት ከጀመርኩ ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ መሃሉ ነው። ለካ ችግሩንና ልብ የሚሰቅለውን ነገር አምታትቻቸው ነበር። መብራት መጥፋት ችግር ነው፣ ማናችንም ጋ ይጠፋል። ልብ የሚሰቅለው ግን ሌላ ነው። እንጨት የሚነድበት ምጣድ ያለው እናቴ ያኮረፈቻት ሴት ቤት ብቻ ነው። ታንኳኳለች ወይስ አታንኳኳም? ይህን ካገኘሁ በኋላ የሚጣለው ራሱ ታየኝ። ለጥያቄው የማይረዳው ሁሉ ወጣ። የጠቡ ምክንያት የፍሳሽ ቱቦ ነበር፣ የሚያስቅ ታሪክ አለው፣ እሱም ወጣ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ቀጥሎ ለጓደኛዬ በስልክ ነገርኳት። አንዴ ብቻ። ስለ ሌላ ነገር ትንሽ አወራንና «እስቲ መልሰሽ ንገሪኝ» አልኳት። «እናትሽ እሳት አያይዛ ጠበቀቻት» አለችኝ። ተገለበጠ! እሳት ያያያዘችው ጎረቤታችን ናት። ጥፋቱ ግን የጓደኛዬ አልነበረም። እኔ ያልኳት «ከፈተችላት፣ አየቻት፣ እሳቱን አያይዣለሁ አለቻት» ነው። ማን ማንን? ሁለቱም ሴት ናቸው፣ ግሱ አይለያቸውም። አንባቢ ቢሆን ዓይኑን ወደ ላይ መልሶ ያጣራል። የሚሰማ ሰው ወዴት ይመለሳል? ስለዚህ «እናቴ» እና «ጎረቤታችን» የሚሉትን ደጋግሜ እላቸዋለሁ። ወረቀት ላይ ይሰለቻል፣ ጆሮ ላይ ግን አይሰለችም። ስሟን ደግሞ አልጠራም፣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል።

ሌላው ጣጣ «አለች» ነው። በአማርኛ ማን እንደተናገረ ብዙ ጊዜ የምናውቀው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው። ሰሚው ቃሉን ሰምቶ ባለቤቱን ይጠብቃል። ስለዚህ ሰውዬውን መጀመሪያ አንቀሳቅሰዋለሁ፣ ከዚያ ይናገራል። «እናቴ ሊጡን ቀመሰች» እላለሁ፣ ቀጥሎ ንግግሯ ይመጣል።

ደግሞ እንዲህ የሚል ነበረኝ፤ «ከሁለት ዓመት በፊት ከእናቴ ጋር የተኳረፈችው፣ ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው፣ የእንጨት ምጣድ ያላት ጎረቤታችን»። ሴትዮዋ እስክትመጣ ሰሚው ሦስት ዕቃ ተሸክሞ ይቆማል። አሁን መጀመሪያ እሷን አቆማታለሁ፣ ከዚያ አንድ አንድ እያልኩ እጨምርላታለሁ።

መጨረሻው? መጀመሪያ የጻፍኩት ላይ ስለ ጉርብትና ስብከት ነበረበት፣ እኔም አማረኝ። ጓደኛዬ መልሳ ስትነግረኝ ግን እሱን ጭራሽ አላስታወሰችውም። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ሰዎቹ አንድ ነገር ያደርጋሉ፣ ወይም አያደርጉም፣ እኔም እቀመጣለሁ። በቃሌ የያዝኩት የመጀመሪያዎቹን ሁለትና የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው። መሃሉን እንደመጣልኝ እላለሁ። ሰዓቱ ካጠረኝ የምቆርጠውም ከመሃል ነው።

በሉ ሰዓት ያዙልኝ።

«ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። እናቴ ምጣዱ ላይ ሊጥ ታዞራለች፣ እኔ ሰፌድ ይዣለሁ። ነገ የአያቴ ሙት ዓመት ነው። 80 ሰው ይመጣል። ሦስት እንጀራ አወጣን። አራተኛው ላይ፣ ድርግም። መብራት ጠፋ።

ጠበቅን። ምጣዱ ቀዘቀዘ። ሊጡ ባልዲው አፍ ላይ ደርሷል። እናቴ በጣቷ ቀመሰችው። «ካደረ ይኮመጥጣል» አለች።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን አለች። የጎረቤታችን ምጣድ የእንጨት ነው። ግን ጎረቤታችንና እናቴ ከተኳረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው።

እናቴ ነጠላዋን አነሳች። አስቀመጠች። እንደገና አነሳች። በጨለማ ተከተልኳት። የጎረቤታችን በር ላይ ቆመች። እጇን አነሳች። አላንኳኳችም።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ጎረቤታችን ናት፣ እጇ ጥላሸት በጥላሸት ሆኗል። እናቴን አየቻት። «እሳቱን አያይዣለሁ፣ ሊጡስ?» አለቻት።

ሊጡን ተሸክሜ መጣሁ። አንዷ ታዞራለች፣ አንዷ እንጨት ትገፋለች። አይነጋገሩም።

ሊነጋ ሲል መብራት መጣ። የኛ ማድ ቤት አምፖል በአጥሩ ላይ ቦግ አለ። እናቴ አየችው። ጎረቤታችንም አየችው።

ማናቸውም አልተነሱም።»