ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ስንት ሊትር ቀርቷችኋል?

በደብረ ብርሃን ለሾፌሮች፣ ለረዳቶችና ለባለንብረቶች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ሾፌሮች፣ ረዳቶችና ባለንብረቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

መስከረም እየደረሰ ነው። ብዙዎቻችሁ ለግሸን ማርያም ምእመናን ይዛችሁ በደሴ በኩል ትወጣላችሁ። የበዓል ሰሞን ማደያ ላይ ያለውን ሰልፍ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ዛሬ የማነሳው አንድ ጥያቄ ነው። ከደብረ ብርሃን ደሴ ደርሶ መልስ ስንት ሊትር ይፈልጋል?

አብዛኛው ሾፌር መልሱን ቶሎ ይሰጣል። "ዶልፊኔ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይሄድልኛል። ደርሶ መልሱ 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 54 ሊትር ይበቃል። ለክፉ ቀን 6 ጨምሬ 60 እቀዳለሁ።" ሳልቫትዮው 70 ይይዛል፤ እሱ ግን 60 ላይ ያቆማል። ሒሳቡ ሲታይ ልክ ነው። መኪናው ግን ደብረ ብርሃን ላይደርስ ይችላል። ለምን እንደሆነ አብረን እንየው።

በመጀመሪያ "በሊትር 10" የምንለው ቁጥር ከየት መጣ? ጓደኛ ስለነገረን ከሆነ ቁጥሩ የጓደኛችን መኪና ነው። የራሳችሁን ማወቅ ከባድ አይደለም። ሜዳ ላይ በቆመ ማደያ ሙሉ። ቧንቧው በራሱ ጠቅ ብሎ ሲቆም በቃ፤ እየነቀነቃችሁ አትጨምሩ። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያውን ዜሮ አድርጉ። እንደ ወትሮው ጭናችሁ ሥሩ። ሁለት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ቧንቧ ላይ ተመልሳችሁ ጠቅ እስኪል ሙሉ። የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር አካፍሉ። አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ ደግማችሁ ለኩት። ጌጁን እያዩ መገመት ግን መለካት አይደለም። የጌጁ መርፌ ከላይኛው ግማሽ ቀስ እያለ፣ ከታችኛው ግማሽ ደግሞ ፈጠን ብሎ የሚወርድባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው።

እሺ፣ ለካችሁና እውነትም 10 ሆነ እንበል። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ይህ ቁጥር አማካይ ነው። ሜዳው፣ ቁልቁለቱና ዳገቱ ተደምረው የተገኘ ነው። የኛ መንገድ ደግሞ አማካይ የሚባል ነገር የለውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጣርማ በር ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትገቡ 1300 ሜትር አካባቢ ትደርሳላችሁ። ከጣርማ በር እስከ ሮቢት መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ርቀት ወደ 1900 ሜትር ትወርዳላችሁ። ስትመለሱ ያንኑ ትወጡታላችሁ።

ዳገት ስንት ይበላል? አንድ ቁጥር ልስጣችሁ፤ እባካችሁ ጻፉት። አንድ ቶን ክብደት ወደ ላይ 1000 ሜትር ለማውጣት 0.8 ሊትር ያህል ናፍጣ ይሄዳል። ይህ መንገዱን ለመጓዝ ከሚያስፈልገው በላይ፣ ለመውጣቱ ብቻ የሚከፈል ነው። ከናፍጣው ጉልበት ሞተሩ ጎማ ላይ የሚያደርሰው ሲሶውን ያህል ነው፤ የቀረው በሙቀት ይወጣል። ቁጥሩ የመጣው ከዚያ ነው። ቤንዚን ከሆነ 1 ሊትር ብላችሁ ያዙት።

አሁን ዶልፊኑን እንመዝነው። መኪናው፣ ሰዉና ሻንጣው ተደምሮ 3 ቶን ነው እንበል። 3 ቶን በ1900 ሜትር፣ በ0.8 ስናባዛው 4.5 ሊትር ይመጣል። 45 ኪሎ ሜትሩን ለመሄድ ደግሞ ሜዳም ቢሆን 4.5 ሊትር ይፈልጋል። ድምሩ 9 ሊትር ነው። 45 ኪሎ ሜትር በ9 ሊትር! በሊትር 10 ይሄድ የነበረው መኪና እዚያ ዳገት ላይ በሊትር 5 ነው የሚሄደው።

ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ከሆነ ጣርማ በር አካባቢ ሌላም ነገር ይጨመራል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የሚገባውን አየር አያገኝም። ፔዳሉን ረግጣችሁ ከኋላ ጥቁር ጭስ ካያችሁ፣ ያ ሳይቃጠል የወጣ ነዳጃችሁ ነው። ማርሽ ቀንሱ፤ እግራችሁንም አላሉ።

እንግዲህ ያንን በ60 ሊትር የወጣ ሾፌር እንከተለው። ከደብረ ብርሃን ጣርማ በር 50 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትንሽ ዳገት ስላለው ወደ 6 ሊትር ይሄዳል። ከጣርማ በር ሮቢት ቁልቁለት ነው። በማርሽ ከወረደ 1 ሊትር ያህል ብቻ ይበላል። ከሮቢት በአጣዬ፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጨረሻው ዳገት ስለሆነ 20 ሊትር ይሄዳል። ጠቅላላ 27 ሊትር። 270 ኪሎ ሜትር በ27 ሊትር ማለት በሊትር 10 ነው። ሾፌራችን ደሴ ላይ ሲያሰላው ልቡ ይረጋል። "ያልኩት አልቀረም" ይላል።

ደሴ ከተማ ውስጥ ሰው ሲያወርድ፣ ሲጭን፣ ሞተር ሳያጠፋ ሲጠብቅ 2 ሊትር ይሂድ። ከደሴ ሮቢት ሲመለስ የሚበዛው መውረድ ስለሆነ 16 ሊትር ይበቃዋል። ሮቢት ሲደርስ 45 ሊትር ተጠቅሟል፤ 15 ሊትር ቀርቶታል። እስከ ደብረ ብርሃን 95 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። በሊትር 10 ሲያሰላው 15 ሊትር 150 ኪሎ ሜትር ይወስደዋል። ማደያው ላይ ሰልፍ አለ። ተሳፋሪው "ሾፌር፣ መሸ እኮ!" ይላል። አልፎ ይሄዳል።

ጣርማ በር ሲደርስ 9 ሊትር በልቷል። 6 ሊትር ቀርቶታል። የማስጠንቀቂያ መብራቱ ደብረ ሲናም ሳይደርስ ዳገቱ ላይ በርቷል። ከዚያ ለሚቀረው 50 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ይፈልጋል። "እንግዲያማ 1 ሊትር ይተርፈዋል" የሚል ይኖራል። አይተርፈውም። ከሳልቫትዮው ግርጌ ያለውን ሁለት ሦስት ሊትር ፓምፑ በደንብ አይስበውም፤ በተለይ መኪናው ሲያዘነብል። ስለዚህ የሚጠቅመው 3 ሊትር ብቻ ነው። 30 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ደብረ ብርሃን 20 ኪሎ ሜትር ሲቀራት ይቆማል። በሌሊት፣ በዚያ ብርድ፣ ሕፃንና አዛውንት ይዞ።

ናፍጣ ሲያልቅ ደግሞ ጀሪካን አምጥቶ መጨመር ብቻ አይበቃም። መስመሩ አየር ይይዛል። አየሩን በእጅ ፓምፕ እስክታስወጡ አይነሳም። ከታች ያለው ቆሻሻም ተስቦ ፊልትሮውን ይደፍናል።

አንዳንዱ ሾፌር ይህንን ሲሰማ አማካዩን ሊያስተካክል ይሞክራል። "ዳገቱ በሊትር 5፣ ሜዳው በሊትር 10፤ መሐሉ 7.5 ነው፤ በዚያ ላስላ" ይላል። እሱም ያሳስታል። በ7.5 ከተሰላ 95ቱ ኪሎ ሜትር 12.7 ሊትር ይመስላል። እኛ ግን ቆጥረን ያገኘነው 9 እና 5፣ ማለት 14 ሊትር ነው። በሊትር የሚሄደውን ኪሎ ሜትር አትደምሩ። ለየመንገዱ የሚያስፈልገውን ሊትር ለየብቻ አውጡና ሊትሩን ደምሩ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መቁጠር የሚጀመረው ከዳገቱ በፊት ካለው የመጨረሻ ማደያ ነው። ለኛ ሮቢት ነው። ከሮቢት ቤት ለመድረስ 14 ሊትር ያስፈልጋል። ሊነካ የማይገባ መጠባበቂያ 10 ሊትር ይጨመር። 24 ሊትር ሆነ። ሮቢት ስትደርሱ ከ24 በታች ከሆነ ትቀዳላችሁ፤ ሰልፍ ቢኖርም፣ ተሳፋሪ ቢያጉረመርምም። ያ ሾፌር 10 ሊትር ቢጨምር ኖሮ በሰላም ይገባ ነበር። ከደብረ ብርሃን 70 ሞልቶ ቢነሳም እዚያው ይመጣል፤ ሮቢት ላይ 25 ሊትር ይኖረዋል። ትርፉ ግን አንድ ሊትር ብቻ ነው። ፖርቶመጋላ ላይ ከፍ ያለ ጭነት ካለ፣ ንፋሱም ከፊት ከመጣ ያ አንድ ሊትር ኮምቦልቻም ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ ሞልታችሁ ብትወጡም ሮቢት ላይ ጌጁን ሳታዩ አትለፉ።

"ሙሉ ነዳጅ መኪናውን ያከብደዋል፤ ይበላል" የሚባለውን ብዙ ሰምቻለሁ። እንቁጠረው። 30 ሊትር ናፍጣ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 25 ኪሎ ከሮቢት ጣርማ በር ለማውጣት የሚሄደው ነዳጅ ግማሽ የቡና ስኒ አይሞላም። ለዚያ ብላችሁ ጎዶሎ አትውጡ።

እስከ አፉ ድረስ ግን አትሙሉት። በደብረ ብርሃን የማለዳ ብርድ የተቀዳ 70 ሊትር ናፍጣ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ሲገባ፣ 20 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ከ1 ሊትር በላይ ያብጣል። ቦታ ካላገኘ በክዳኑ ይፈስሳል። ቧንቧው ጠቅ ሲል ማቆም ያልኩት ለዚህም ነው።

ቁልቁለቱን በተመለከተ አጥብቄ የምለምናችሁ ነገር አለ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ ከጣርማ በር ማርሽ ነፃ አድርጋችሁ አትልቀቁ። በማርሽ እየወረዳችሁ እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው፤ ፓምፑ ነዳጅ መስጠቱን ያቆማል። ማርሽ ነፃ ከሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይበላል። ፍሬኑም ያንን ሁሉ ክብደት ብቻውን ይይዛል፤ ይግላል፤ ከዚያ አይዝም። ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ ነፍሱን ለእናንተ ሰጥቷል።

የአይሱዙና የሲኖትራክ ሾፌሮች፣ ሒሳቡ ያው ነው፤ ቶኑን ብቻ ቀይሩ። ከነጭነቱ 8 ቶን የሆነ አይሱዙ ከሮቢት ጣርማ በር ለመውጣቱ ብቻ 12 ሊትር ይጨምራል። 40 ቶን የሆነ ሲኖትራክ 60 ሊትር። ባዶ ሄዶ ተጭኖ የሚመለስ መኪና የመሄጃውን ቁጥር ይዞ የመመለሻውን ማስላት አይችልም።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ ይታደላል። የመኪናችሁን ክብደት ከነጭነቱ፣ የሳልቫትዮውን መጠንና የለካችሁትን ፍጆታ ጻፉ። ሮቢት ላይ ስንት ሊትር ሊኖራችሁ እንደሚገባ አንድ በአንድ አብረን እናወጣለን። ከፊት ካላችሁት እንጀምር። አመሰግናለሁ።